25 ሚሊሜትር አንድ ኢንች አይደለም

ውጭ አገር ሆነው አገር ቤት ቤት እያሠሩ ነው፤ ከሮቶው ወደ ቤት የሚወርደው መስመር ደግሞ 25 ሚሊሜትር ፒፒአር ነው እንበል። የቧንቧ ሠራተኛው «ቧንቧው 25 ነው፤ ጥሩ መዝጊያ ቫልቭ ይላኩልን» ይልዎታል። እርስዎም 25ን ለ25.4 ያካፍላሉ፤ 0.98 ይመጣል። አንድ ኢንች ነው ብለው ቫልቩን ገዝተው ይልካሉ። ስሌቱ ልክ ነው፤ ቫልቩ ግን አይገጥምም። መግዛት የነበረብዎት የሦስት ሩብ ኢንቹን ነው።

ምክንያቱ ሁለቱ ቁጥሮች የሚለኩት ነገር የተለያየ መሆኑ ነው። ፒፒአር የሚጠራው በውጭ ስፋቱ ነው። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ውስጡ ብዙ ይጠባል፤ 4.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው 25 ቧንቧ ውሃ የሚያሳልፍበት ቀዳዳ 16.6 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የኢንቹ ስም ደግሞ ከድሮ የብረት ቧንቧ የውስጥ ስፋት የመጣ ነው፤ ዛሬ በማስመሪያ ቢለኩት የትም አያገኙትም። ግማሽ ኢንች በ25.4 ሲባዛ 12.7 ሚሊሜትር ቢሆንም፣ የግማሽ ኢንች ወንዴ ጥርስ በካሊፐር ሲለካ ወደ 21 ይጠጋል። የሦስት ሩቡ ከ26 ትንሽ ይበልጣል፤ የአንድ ኢንቹ 33 ይደርሳል።

ስለዚህ ማባዛትና ማካፈሉን ይተዉት። የተለመደው አቻ 20 ፒፒአር ከግማሽ፣ 25 ከሦስት ሩብ፣ 32 ከአንድ ኢንች ጋር ነው። ይህም ቢሆን በጭፍን አይያዝ፤ ቫልቩን የሚቀበለው ቧንቧው ሳይሆን ባለጥርሱ ማገናኛ ነውና። ማገናኛው ላይ 25 × 3/4 ተብሎ ከተጻፈ የመጀመሪያው የሚበየደው የፕላስቲክ ጎን ነው፤ ሁለተኛው ጥርሱ ነው። 25 × 1/2 የሚባልም አለ፤ ለዚያ የሚገዛው የግማሽ ኢንች ቫልቭ ነው። የተሳሳተውን በማጥበቢያ ማዳን ይቻላል፤ ግን አንድ ተጨማሪ መጋጠሚያ አንድ ተጨማሪ የሚያንጠባጥብ ቦታ ነው።

አሜሪካ ላሉ ሌላ ወጥመድ አለ። እዚያ የሚሸጠው ቫልቭ ጥርሱ ኤንፒቲ ነው፤ የፒፒአር ማገናኛዎች ግን በአብዛኛው የአውሮፓውን ይከተላሉ። ግማሽና ሦስት ሩቡ በሁለቱም ዓይነት በአንድ ኢንች ውስጥ 14 ጥርስ ስላላቸው ሲጀመር ይያያዛሉ፤ የጥርሱ ማዕዘን ግን በኤንፒቲው 60 ዲግሪ፣ በአውሮፓው 55 ነው። ተጠምዝዞ የገባ ይመስላል፤ ቴፍሎን ቢደራረብበትም ግፊት ሲመጣ ሊያፈስ ይችላል። በአንድ ኢንቹ ላይ የጥርሱ ብዛት ራሱ ስለሚለያይ ጥቂት ዙር ሄዶ ይነክሳል። በግድ ካጠበቁት የናሱ ጥርስ ይበላሻል። በጀርመን ወይም በጣሊያን የሚገዛ ሰው ይህ ችግር እምብዛም አይገጥመውም።

ከመክፈልዎ በፊት ሠራተኛው ማገናኛው ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንስቶ ይላክልዎ፤ ጥርሱ ወንዴ ይሁን ሴቴም ይንገርዎ። ጽሑፉ ከጠፋ ወንዴውን ጥርስ በካሊፐር ይለካና ቁጥሩን በሚሊሜትር ይላክ። አሜሪካ ካሉ ቫልቩን ከዚያ አይላኩ፤ ገንዘቡን ይላኩና ሠራተኛው መርካቶ ማገናኛውን በእጁ ይዞ ይግዛ።