ያንን ቼክ ሳትፈርም

ቆይ እስኪ፣ ብዕሩን አስቀምጠውና ስልክህን ወደ እኔ አዙረው። ለደሴው አከፋፋይ የ60,000 ብር ቼክ ልትጽፍ የተነሣኸው ከላይ ያለውን 166,000 አይተህ ነው። ከሥሩ ያለውን መስመርስ አነበብከው? Available Balance፦ 25,000 ይላል። ዛሬ ልታዝበት የምትችለው እሱን ብቻ ነው። አብሽር፣ ብርህን ማንም አልወሰደብህም። ግን የላይኛው ቁጥር የሚነግርህ ሌላ ነገር ነው።

የላይኛው፣ Ledger Balance የሚለው፣ የመዝገብ ሂሳብህ ነው። ባንኩ በስምህ የመዘገበውን ገቢና ወጪ ደምሮና ቀንሶ የሚያሳይህ። የታችኛው ደግሞ ከዚያ ላይ ገና ያልተጣራው፣ የታገደውና እንዲቀር የተባለው ተነሥቶ የሚተርፈው ነው። ገንዘብ ስታወጣም ሆነ ስትልክ ሲስተሙ ፈቃድ የሚሰጥህ የታችኛውን አይቶ ነው።

በል ያንተኑ እናስላው። ባለፈው ሳምንት 46,000 ነበረህ። ከውጫሌ የመጣው ደንበኛህ ለቆርቆሮው የ120,000 ብር ቼክ ሰጠህና አስገባኸው፤ መዝገቡ 166,000 ሆነ። ቼኩ ግን የሌላ ባንክ ነው፣ ገና አልተጣራም፤ ስለዚህ 120,000ውን አንሣው። ለአጎታችን ልጅ ብድር ዋስ ስትሆን 20,000 እንዲታገድብህ ፈርመሃል፤ እሱንም አንሣ። 1,000 ደግሞ ሂሳቡ ክፍት እንዲሆን መቅረት ያለበት ነው። ስንት ተረፈ? 25,000። ማሽኑ አልተሳሳተም።

አሁን ዋናው የውጫሌው ቼክ ነው። ቼኩ የባንክህ ደንበኛ ቼክ ቢሆን ኖሮ ባንክህ ራሱ የሰጪውን ሂሳብ ከፍቶ ያይና እዚያው ይጨርሰው ነበር። የሌላ ባንክ ቼክ ግን በብሔራዊ ባንክ የማጣሪያ ሥርዓት በኩል ወደ ከፋዩ ባንክ መሄድ አለበት። እዚያ ፊርማው ከናሙናው ጋር ይመሳከራል፣ በአኃዝና በፊደል የተጻፈው ይነጻጸራል፣ ቀኑ ይታያል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሂሳቡ ውስጥ በቂ ስንቅ መኖሩ ይረጋገጣል። አንዱ ካልተሟላ ቼኩ ይመለሳል። ያኔ ባንክህ 120,000ውን ከመዝገብህ ላይ መልሶ ይሰርዘዋል፤ አንተ ቆርቆሮውን ሰጥተህ፣ እሱ ጣሪያውን መትቶ፣ መዝገብህ 46,000 ላይ ይመለሳል። የታችኛው ቁጥር ግን ዱሮም 25,000 ነበር፣ ያኔም 25,000 ነው። እሱን አምነህ የሠራህ እንደሆነ የተመለሰ ቼክ ያናድድህ እንደሆነ እንጂ ሌላ ዕዳ ውስጥ አይከትህም።

ሁሉም ባንክ እንዲህ አይመዘግብም። አንዳንዱ ቼኩ እስኪጣራ ድረስ በመዝገቡም ላይ አያሳይህም፤ አንዳንዱ መዝግቦ ያግደዋል። ስለዚህ በስልክህ የጽሑፍ መልእክት ሲመጣ «ገቢ ሆነ» የሚለውን ብቻ አትይ። መልእክቱ ላይ ያለው ቀሪ የመዝገቡ ይሁን ሊወጣ የሚችለው ይሁን አንድ ጊዜ ቅርንጫፍ ጠይቀህ እወቅ። የሂሳብ መግለጫ ስታወጣም ሁለት የቀን ዓምዶች ካሉት ልብ በላቸው። አንዱ የተመዘገበበት ቀን ነው፤ ሌላው፣ ቫሊዩ ዴት የሚሉት፣ ገንዘቡ ላንተ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ነው። ይህ ሁለተኛው ቀን ገና ካልደረሰ ያ ብር መንገድ ላይ ነው ማለት ነው።

መስኮቱ ጋ ስትደርስ «ስንት አለኝ?» ብለህ አትጠይቅ። ልጅቷ የመዝገቡን አንብባልህ ትሸኝሃለች፣ አልዋሸችህም። «ዛሬ ስንት ማውጣት እችላለሁ? ቀሪው በምን ተያዘ? መቼ ይለቀቃል?» በላት። ያልተጣራ ቼክ ከሆነ ቀን ትነግርሃለች። ለዋስትና የታገደ ከሆነ ቀን የለውም፤ የአጎታችን ልጅ ብድሩን ከፍሎ አበዳሪው የመልቀቂያ ደብዳቤ ካልጻፈ ለዓመትም ይቀመጣል። የተከለከልክበትን ምክንያትም ለይ። ታችኛው ቁጥር በቂ ሆኖ ሳለ ስልክህ ከከለከለህ፣ ምናልባት የቀኑን የዝውውር ጣሪያ ነክተህ ይሆናል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ነገ ይከፈትልሃል።

ደግሞ ማሽኑ አንድ ቀን ተሳስቶ ከዚያ በላይ ቢሰጥህ «እድሌ ነው» እንዳትል። መጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በተዛባ ጊዜ ብዙ ሰው በሂሳቡ ካለው በላይ አወጣ፣ ወደ ሌላም አዛወረ። በኋላ ባንኩ መልሱ አለ፤ ያልመለሱትን ስማቸውንና ፎቶአቸውን ለጠፈ። ማሽን ስለፈቀደ ብር ያንተ አይሆንም።

ወደ ደሴው ሰውዬ እንመለስ። የ60,000ውን ቼክ ዛሬ ብትሰጠውና እሱ ነገ ጧት ባንክ ቢያቀርበው፣ ባንክህ የሚያየው 25,000ውን ነው። መዝገቤ ላይ 166,000 ነበር ብትል ማንም አይሰማህም። ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት ደግሞ የተራ ዕዳ ነገር አይደለም፤ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 የሚያስጠይቅ ወንጀል ነው። «ቀኑን ወደፊት አድርጌ እጽፍለታለሁ» እንዳትለኝም። በንግድ ሕጋችን ቼክ እንደቀረበ የሚከፈል ነው፤ ሰውዬው ከተጻፈው ቀን አስቀድሞ ቢያቀርበውም ባቀረበበት ቀን ይከፈላል። ቀን ማስረዘም የሚያስጥልህ በሰውዬው ቃል ብቻ ነው፣ በሕግ አይደለም።

እንዲህ አድርግ። ለደሴው ደውልና እውነቱን ንገረው፤ ዛሬ 20,000 በዝውውር ላክለት፣ 5,000ውን ለአገልግሎት ክፍያና ለሱቁ ድንገተኛ ወጪ ተወው። የቀረውን 40,000 የውጫሌው ቼክ ተጣርቶ የታችኛው ቁጥር ከፍ ሲል በዚያው ቀን ላክ። ዕቃውን እንዲልክልህ ካስፈለገ የ20,000ውን ያህል ብቻ ይጫን። ለውጫሌው ደንበኛህ ደግሞ የቀረውን ቆርቆሮ ከመጫንህ በፊት የታችኛው ቁጥር ይንቀሳቀስ። ለሚቀጥለው ግዢ በዝውውር እንዲከፍል ወይም ሲፒኦ እንዲያመጣ ንገረው። ሲፒኦ ሲሠራ ባንኩ አስቀድሞ ብሩን ከእሱ ሂሳብ ስለሚቀንስ በስንቅ እጦት አይመለስብህም፤ የሌላ ባንክ ከሆነ ግን እሱም ማጣሪያውን ማለፉ አይቀርም፣ ስለዚህ ዝውውሩ ይሻልሃል። ደንበኛህ ቅር እንዳይለው ከፈራህ፣ እኔ ነኝ ያልኩህ በለው። ታላቅ እህት ላይ ማሳበብ ማንንም አያስቀይምም።