ገጹ የየትኛውን አዋጅ ይናገራል?

አንዲት እህታችን በአበባ እርሻ ተቀጥራ አንድ ዓመት ሞላት እንበል። እናቷን ልትጠይቅ አሰበችና የዓመት ዕረፍት ጠየቀች። አለቃዋ «የሚገባሽ 14 ቀን ነው» አላት። ልቧ አላመነም። ማታ ከጎረቤቷ ልጅ ጋር ሆና በስልክ ድረ ገጽ ፈለገች። ድረ ገጽ ማለት በስልክ ተከፍቶ የሚነበብ ገጽ ነው። በቀላል አማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ አገኙ። እሱም 14 ቀን ይላል። ታዲያ አለቃዋ ልክ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ገጹን ወደ ታች ብናነበው «አዋጅ ቁጥር 377/96» የሚል እናገኛለን። ይህ አዋጅ የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተሽሯል። አዲሱ አዋጅ በአንቀጽ 77 ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል። ስለዚህ እህታችን ሁለት ቀን ሊቀርባት ነበር። ጸሐፊው ውሸታም ላይሆን ይችላል፤ ጽሑፉ የድሮ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ትናንት ተጽፎ የድሮውን ሕግ የሚገለብጥ አለ። ስለዚህ ገጹ የተጻፈበትን ቀን ብቻ አይተን አንመን፤ የአዋጁን ቁጥር እንይ። ቁጥር የሌለውን ገጽ እኛ አናምነውም።

ስንፈልግ «የሠራተኛ መብት» ብቻ ብለን ከጻፍን ብዙ ወሬ ይመጣል። እንዲህ ብለን እንጻፍ፦

«አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የዓመት ዕረፍት»

ከሚመጡት ውስጥ በቀላል ቋንቋ የተጻፈውን አስቀድመን እናንብብ። ቀጥሎ አዋጁን ራሱን እንክፈት። አዋጅ የሚታተመው በነጋሪት ጋዜጣ ነው። በአንድ ወገን አማርኛው፣ በሌላው ወገን እንግሊዝኛው አለ። ሁለቱ ቢለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። አንቀጽ 77ን ፈልገን 16 የሚለውን በዓይናችን እንይ። አድራሻው በ .gov.et የሚያልቅ ከሆነ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ገጽ ነው። እንዲህ ያለው ገጽ አንዳንዴ አልከፈት ይላል። የሕግ ባለሙያዎች አዋጆችን የሚያኖሩበት እንደ abyssinialaw.com ያለ የግል ገጽም ያገለግላል። እዚያም ቢሆን ቁጥሩን እናመሳክር።

አንድ ነገር እንጨምር። ይህ አዋጅ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛን አይመለከትም፤ እሱ የራሱ ሕግ አለው። በሰው ቤት ተቀጥራ የምታገለግል ልጅም በዚህ አዋጅ አትሸፈንም። ይህን ሳይለይ «ማንኛውም ሠራተኛ» የሚል ገጽ ያሳስታል።

ያላግባብ ከሥራ የተባረረ ሰው ደግሞ ገጽ ሲያገላብጥ ጊዜው እንዳያልፍበት። ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ የሚከስ በሦስት ወር ውስጥ ነው።

መልመጃ፦ አዲሱ አዋጅ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ለየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። ሦስት ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ስንት የሥራ ቀን ዕረፍት ያገኛል? አስልታችሁ ጻፉ።