የጥንቱን የቅዳሴ ንባብ በአዲስ ዜማ ስለ ማቀነባበር
ለመዘምራን አለቆችና ለአገልጋዮች የቀረበ ትምህርት

በጉባኤዎቻችን በየእሑዱ የሚጸለየው የ«አቤቱ ማረን» ጸሎት በጥንት ዘመን በረጋ ድምፅ ይነበብ የነበረ ነው። መሪው ልመናውን ያሰማል፤ ምእመናን በአንድ ቃል ይመልሳሉ። ዛሬ ግን መዘምራኖቻችን ይህንኑ ጸሎት በኦርጋንና በጊታር፥ በአራትም ድምፅ ከፍለው ሊያዜሙት ይወዳሉ። ይህን መከልከል አይገባም። ነገር ግን ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14፥15 በመንፈስም በአእምሮም መዘመር እንደሚገባ ያስተምረናል። ስለዚህ ዜማው ሲለወጥ ቃሉ ሳይበላሽ፥ ምእመናንም የራሳቸውን ድርሻ ሳያጡ እንዲቀር ምን ማድረግ ይገባል?

በመጀመሪያ ማርቲን ሉተር ያደረገውን እንመልከት። በ1525 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በጻፈው ጽሑፍ፥ የላቲኑን ቃል ወደ ጀርመንኛ መልሶ የላቲኑን ዜማ እንዳለ በላዩ መጫን መልካም ሆኖ እንደማይሰማ አስረዳ። ቃሉም ዜማውም፥ የድምፁም አጣጣል ከእናት ቋንቋ መውጣት እንዳለበት አመነ። በዚያው ዓመት ዮሐን ቫልተርና ኮንራድ ሩፕሽ የተባሉ ሁለት የዜማ ሰዎች ወደ ቪተንበርግ ተጠርተው በሥራው ረዱት፤ የጀርመንኛውም ቅዳሴ በ1526 ታትሞ ወጣ። በዚህ ሥርዓት ሉተር ዘጠኝ ጊዜ ይባል የነበረውን «ኪርዬ ኤሌይሶን» ሦስት ጊዜ ብቻ እንዲባል አደረገ፤ ቃሉንና በሥርዓቱ ውስጥ ያለውን ስፍራ ግን ጠበቀ። የመልእክቱና የወንጌሉ ንባብም በአንድ ድምፅ ላይ ረግቶ በነጥቡ ስፍራ የሚወርደውን የጥንቱን አነባበብ ይዞ ቀረ። እንግዲህ ሉተር የጥንቱን ሥርዓት በጀርመን ሕዝብ አፍ እንዲኖር አድርጎ አበጀው እንጂ አላጠፋውም።

የእኛም ቋንቋ የራሱ ጠባይ አለው፤ አቀናባሪው ይህን ካላወቀ ቃሉን ያበላሻል። አንደኛው ጠባይ ማጥበቅና ማላላት ነው። «እግዚአብሔር ይሰማል» ስንል «ሰ» እና «ማ» ቢላሉ አምላካችን የሚሰማ መሆኑን እንመሰክራለን። በ«ሰ» ላይ ጠንካራ ምት ወድቆ ዘማሪው ሁለቱን ፊደላት ቢያጠብቃቸው ግን እግዚአብሔር የሚሰማ መሆኑ ቀርቶ በሌላ የሚደመጥ ይሆናል። በወረቀት ላይ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም፤ በጆሮ ግን ምስክርነቱ ሌላ ሆነ።

ሁለተኛው ጠባይ የሳድስ ፊደል ነው። በሳድስ ላይ ድምፅን ማስረዘም አይቻልም። «ማረን» በሚለው ቃል ረጅሙ ድምፅ በ«ን» ላይ ቢጣል ዘማሪው ወይ በአፍንጫው ያጉረመርማል፥ ወይም ከራሱ «እ» ጨምሮ «ማረንእ» ይላል። ስለዚህ ረጅሙ ድምፅ በ«ማ» ወይም በ«ረ» ላይ ይረፍ፤ «ን» በመጨረሻው ቅጽበት ብቻ ትዘጋው።

ሦስተኛው፥ በአማርኛ ግሥ በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይቆማል፤ የልመናው ክብደት ያለው በዚያ ነው። «ጌታን እንለምን» የሚለውን አቀናባሪው ከፍሎ «እንለ» ካለ በኋላ ትንፋሽ ቢያስወስድ፥ ቀጥሎ የሚሰማው «ምን» የሚል ጥያቄ ነው። ስለዚህ ግሡ በአንድ ትንፋሽ ይባል።

አሁን አንድ ምሳሌ እንሥራ። ልመናው፦ «ስለ ታመሙትና ስላዘኑት ሁሉ፥ ጌታን እንለምን» የሚል ይሁን። የምእመናኑ መልስ «አቤቱ፥ ማረን» ነው። ልመናው እንደ ቀኑ ሁኔታ ስለሚረዝምና ስለሚያጥር በምት አይታሰር። መሪው በ«ሶ» ድምፅ ላይ ረግቶ፥ እንደ ንግግሩ ፍጥነት ያንብበው፤ ከ«ሁሉ» በኋላ ጥቂት ይረፍ፤ በ«እንለምን» ላይ ወደ «ሚ» ይውረድ። በዚህ ጊዜ ኦርጋኑ «ዶ» እና «ሶ» ብቻ በቀስታ ይያዝ፤ ጊታርና ከበሮ ዝም ይበሉ።

ምቱ የሚጀምረው ከምእመናን መልስ ጋር ነው። መልሱ አምስት ክፍል አለው፤ በአራት አራት ምት ቢቆጠር እንዲህ ይሆናል። «አ» ከመጀመሪያው ቤት በፊት በአንድ ምት ይነሣ፥ ድምፁም «ሚ» ይሁን። በመጀመሪያው ቤት «ቤ» ሁለት ምት በ«ሶ»፥ «ቱ» አንድ ምት በ«ሚ» ይባል፤ አራተኛው ምት የትንፋሽ ይሁን። በሁለተኛው ቤት «ማ» ሁለት ምት በ«ሬ»፥ «ረን» ሁለት ምት በ«ዶ» ይባልና ይፈጸም። ዜማው ከፍ ብሎ ተነሥቶ እንደሚሰግድ ሰው ዝቅ ይላል፤ ትንፋሹም ከጥሪው በኋላ ስለሚወድቅ ቃሉን አይሰብርም።

አራት ድምፅ ሲጨመር አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህ ዜማ ከአምስቱ ድምፆች ከ«ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶ፥ ላ» አይወጣም፤ ለአገራችንም ጆሮ የታወቀ ነው። በ«ማ» ላይ እንደ አውሮፓ መዝሙር ልማድ «ሲ» የሚገባበት ድምፅ ቢደረብ የዜማው ጠባይ ይለወጣል፤ ሽማግሌዎችም ዜማው ጠፋባቸውና ዝም ይላሉ። በዚያ ስፍራ «ሶ» እና «ሬ» ብቻ ይበቃሉ። ዋናው ዜማ ሁልጊዜ ከሌሎቹ ጎልቶ ይሰማ፤ ምእመናን የሚከተሉት እርሱን ነውና።

አንዳንድ ወጣቶች ከቅዱስ ያሬድ ዜማ ቆርጠው በአማርኛ ቃል ላይ ሊያደርጉት ያስባሉ። በግዕዝ፥ በዕዝልና በአራራይ የሚዜመው ይህ ድርሰት ከቃሉ ጋር እጅግ የተጣበቀ መሆኑን ማወቅ ይገባል። በፊደላቱ ላይ የሚጻፉት ምልክቶች ብዙዎቹ ከራሱ ከግዕዙ ንባብ በምሕጻር የተወሰዱ ናቸው፤ እያንዳንዱም የታወቀውን የንባብ ዜማ ያስታውሳል። ቃሉ ሲለወጥ ምልክቱ የቆመበት መሠረት ይናዳል። ስለዚህ ያንን ድርሰት በሙሉ ክብሩ ለሊቃውንቱ ትተን፥ ከእርሱ አንድ ነገር እንማር፤ ዜማ የቃል አገልጋይ መሆኑን።

ሥራው በትክክል መሠራቱ በሦስት ነገር ይታወቃል። መጀመሪያ፥ ቃሉ ያለ ዜማ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ቀጥሎ በዜማ ይባል፤ የጠበቀው ጠብቆ፥ የላላው ላልቶ ከተሰማ መልካም ነው። ሁለተኛ፥ ወረቀት ያልያዘ አንድ ሰው በኋላ ተቀምጦ የሰማውን ይጻፍ፤ አንድ ቃል እንኳ ካመለጠው ጥፋቱ የአቀናባሪው ነው። ሦስተኛ፥ መብራት ጠፍቶ መሣሪያው ዝም ቢል ምእመናን መልሱን ራሳቸው መቀጠል ይቻላቸው። ካልቻሉ ጸሎቱ ከሕዝቡ ተወስዶ ለመዘምራኑ ተሰጥቷል ማለት ነው፤ እንደገናም ቀላል ሆኖ ሊሠራ ይገባዋል።

በዚህ መንገድ ሊቀነባበር የማይገባውም አለ። ጌታችን ቅዱስ ቁርባንን የሠራበት ቃል በምት አይታሰር፥ በመሣሪያም አይታጀብ፤ አገልጋዩ በግልጽ ያንብበው፤ ጉባኤውም ዝም ብሎ ይስማው። ከልመናዎቹ ሁሉ ፍጻሜ በኋላም ለአሥር ያህል ትንፋሽ ጸጥታ ይሁን። በዚያ ጸጥታ እያንዳንዱ በልቡ ያለውን፥ በከንፈሩ ሊናገረው ያልቻለውን ሸክም በጌታ ፊት ያኖራል።