መልስ ላላገኘ ኢሜይል ሁለተኛ መልእክት እንዴት ይጻፋል?

በየዓመቱ ከጥር እስከ መጋቢት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ብዙ ኢሜይል ይጽፋሉ። ለዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ወይም ለነጻ ትምህርት ዕድል ሪኮመንዴሽን የምንለው የድጋፍ ደብዳቤ ስለሚፈለግ፣ ቀድሞ ያስተማሯቸውን መምህራን መጠየቅ አለባቸው። ከእነዚህ መምህራን አንዳንዶቹ ዛሬ ከጅቡቲ ወጥተው አዲስ አበባ ወይም ሌላ ከተማ ይሠራሉ። የመጀመሪያውን ኢሜይል ተማሪዎቻችን ደህና አድርገው ይጽፉታል። ችግሩ የሚመጣው መልስ ሳይመጣ ቀናት ሲያልፉ ነው። አንዱ አፍሮ ዝም ይላል፤ ሌላው ደግሞ የሚያስቀይም ሁለተኛ መልእክት ይልካል።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አንዲት ተማሪያችን 9ኛ እና 10ኛ ክፍል ፊዚክስ ላስተማሯት መምህር ሐሙስ ጥር 7 ቀን 2018 ዓ.ም. ማታ ጻፈች እንበል። መምህሩ አሁን አዲስ አበባ ናቸው። የማመልከቻው ማብቂያ እሑድ የካቲት 8 ስለሆነ፣ ደብዳቤው ሐሙስ የካቲት 5 እንዲደርሳት ጠይቃለች። ማክሰኞ ጥር 12 ሆነ፤ መልስ የለም። በእሷ አቆጣጠር አምስት ቀን ሙሉ ዝም ተብላለች።

በመምህሩ በኩል ግን ቀኑ እንዲህ አይቆጠርም። እዚህ ጅቡቲ ዓርብና ቅዳሜ ዕረፍት ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ። ስለዚህ ዓርብ እሷ ቤቷ ስትሆን መምህሩ ሥራ ላይ ነበሩ፤ እሑድ እሷ ክፍል ስትገባ እሳቸው ቤታቸው ነበሩ፤ ያውም ከተራ ነው። ሰኞ ጥር 11 ጥምቀት ነው፤ ማክሰኞ ቃና ዘገሊላ፣ ብዙ ሰው ታቦተ ሚካኤልን ሲሸኝ የሚውልበት ቀን። አምስቱ ቀን ሲበጠር ለመምህሩ የቀረው ትክክለኛ የሥራ ቀን ዓርብ ብቻ ነው። ማክሰኞ ማታ «ምነው ጠፉ?» ብሎ መጻፍ በአንድ ቀን ውስጥ ለምን አልመለሱም እንደ ማለት ይሆናል። ሳምንት ሞልቶ ሐሙስ ጥር 14 ጠዋት ብትጽፍ ግን ተገቢ ነው፤ ለደብዳቤውም ገና ሦስት ሳምንት አለ። ቀን ስትቆጥሩ የምትቆጥሩት የተቀባዩን የሥራ ቀን ነው።

ከመጻፏ በፊት አምስት ደቂቃ የሚወስድ ፍተሻ አለ። መልእክቱ Sent ውስጥ አለ? ኢንተርኔት ሲቆራረጥ አንዳንዴ Outbox ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። አድራሻው ላይ አንድ ፊደል አልተሳሳተም? አድራሻው ከሌለ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ Mailer-Daemon ከሚባል ላኪ የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ ይመጣል፤ ተማሪዎች ማስታወቂያ መስሏቸው ሳያነቡ ያጠፉታል። የመምህሩ መልስ Spam ውስጥ ገብቶ እንደሆነስ? መልሱ እዚያ ተቀምጦ ሳለ «መልስ አልደረሰኝም» ብሎ መጻፍ ደስ አይልም።

ፍተሻው ካለቀ በኋላ አብዛኛው ተማሪ የሚጽፈው የሚከተለውን የመሰለ ነው፤

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። ባለፈው ሳምንት ኢሜይል ልኬልዎት ነበር፤ እስካሁን ግን መልስ አልሰጡኝም። ደርሶዎታል? ጊዜው እያለቀብኝ ስለሆነ እባክዎ በአስቸኳይ ይመልሱልኝ።»

አክብሮቱ አለ፤ «እርስዎ» ተብሏል፤ «እባክዎ»ም አለ። ሆኖም የሚያነበው ሰው ክስ ይሰማዋል። ክሱ ያለው ግሡ ላይ ነው። በአማርኛ ግሥ አድራጊውን በውስጡ ይዞ ስለሚሄድ፣ «አልሰጡኝም» ስንል ጥፋተኛውን ጠርተን፣ ተበዳዩንም በዚያው ቃል መጨረሻ አስገብተናል። «እስካሁን ግን» ሲጨመርበት ደግሞ ቆጥሬ ይዤብዎታለሁ የማለት ያህል ነው። «ደርሶዎታል?» የምትለዋ ጥያቄ የዋህ ትመስላለች፤ ነገር ግን ኢሜይሉን አይተው በሥራ ብዛት ያቆዩትን ሰው ወይ እንዲያፍሩ ወይ እንዲዋሹ ታደርጋለች። የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ደግሞ ታጣድፋለች እንጂ ቀን አትናገርም። መምህሩ ይህን አንብበው ለመመለስ ቢፈልጉ እንኳ የድሮውን ኢሜይል ፈልገው ምን እንደ ተጠየቁ፣ ለመቼ እንደ ተጠየቁ እንደገና ማየት አለባቸው።

ለዚህ አንድ መላ አለ። የጻፋችሁትን ከመላካችሁ በፊት «አል» ያለባቸውን ግሦች ፈልጉና አድራጊው ማን እንደሆነ ጠይቁ። አድራጊው ተቀባዩ ከሆነ ያንን ዐረፍተ ነገር ሰርዙና ነገሩን ከራሳችሁ በኩል ጻፉት። «አልመለሱልኝም» ያለው ቦታ ላይ «ስለ ጻፍኩልዎት ጉዳይ ነው» ቢባል ወሬው ስለ ጉዳዩ ይሆናል፤ ስለ መምህሩ ዝምታ ምንም አልተነሳም። ዝምታውን ማንሳት ጨርሶ አያስፈልግም፤ ሁለተኛው መልእክት መምጣቱ ራሱ ይናገረዋል።

የተስተካከለው መልእክት ይህን ይመስላል፤

«ጤና ይስጥልኝ መምህር፤ እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሰዎት።

ጥር 7 ስለ ድጋፍ ደብዳቤ የጻፍኩልዎትን በተመለከተ ነው። ለነጻ ትምህርት ዕድል ማመልከቻዬ የአንድ የሳይንስ ወይም የሒሳብ መምህር ደብዳቤ ያስፈልጋል። ፊዚክስን ሁለት ዓመት ያስተማሩኝ እርስዎ ስለሆኑ እርስዎ ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል። ደብዳቤው እስከ ሐሙስ የካቲት 5 ቀን 2018 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2026) ቢደርሰኝ ይበቃኛል።

የሚመችዎት ከሆነ «እሺ» የምትል አንድ ቃል ትበቃኛለች። በዚህ ሰሞን ሥራ በዝቶብዎት ከሆነም ይንገሩኝ፤ የሒሳብ መምህሬን እጠይቃለሁ። የውጤቴን ቅጂና ስለ ራሴ የጻፍኩትን ግማሽ ገጽ እዚህ ላይ አያይዣለሁ።

ከአክብሮት ጋር»

ከሥር ሙሉ ስሟን፣ በመምህሩ ጊዜ የነበረችበትን ክፍልና ስልኳን ትጽፋለች። መምህራን በየዓመቱ ብዙ ተማሪ ስለሚያስተምሩ በስም ብቻ ላያስታውሷት ይችላሉ።

እዚህ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው «የሒሳብ መምህሬን እጠይቃለሁ» የሚለው ነው ብዬ አምናለሁ። በእኛ ባህል ለልጅ «አልችልም» ማለት ይከብዳል፤ በተለይ ትምህርትን በተመለከተ። ብዙ ኢሜይል መልስ ሳያገኝ የሚቀረው ተቀባዩ ንቆ አይደለም፤ እምቢ ማለት አፍሮ ነገ ዛሬ ሲል ነው። መውጫ በር ሲከፈትለት ወይ ይጽፋል ወይ በግልጽ ይናገራል፤ ለተማሪዋ ሁለቱም ከዝምታ ይሻሏታል። ማሳሰቢያው መውጫው እውነተኛ መሆን እንዳለበት ነው። ሌላ መምህር ከሌላችሁ አለ ብላችሁ አትጻፉ።

ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር የተጻፈው ለጌጥ አይደለም። እዚህ የምንኖር ሰዎች ቀን ስንናገር አንዴ በኢትዮጵያ፣ አንዴ በፈረንጅ ነው፤ ወሩን በቁጥር ብቻ «5/6» ብሎ የጻፈ ሰው አንባቢውን ግራ ያጋባል። ሰዓት መጻፍ ካስፈለገም «ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ተብሎ ይጻፍ። ጅቡቲና አዲስ አበባ አንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ቢሆኑም ያው ሰዓት እዚህ ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ 9 ተብሎ ይነበባል።

አላላኩን በተመለከተ፣ አዲስ ኢሜይል አትክፈቱ። Sent ውስጥ ያለውን የራሳችሁን መልእክት ከፍታችሁ Reply በሉ፤ የመጀመሪያው ጽሑፍ ከሥር ይከተላል፣ መምህሩም ፍለጋ አይገቡም። የሚቀበለውን አድራሻ ግን አንድ ጊዜ እዩት፤ አንዳንዱ ፕሮግራም ለራሳችሁ ሊልከው ይሞክራል። በ Reply ጊዜ የቀድሞው ፋይል አብሮ እንደማይሄድም አስታውሱ፤ እንደገና መያያዝ አለበት። ርዕሱ ላይ «አስቸኳይ!!!» አይጨመር። ርዕሰ መምህሩን ወይም ሌላ አለቃ በግልባጭ ማስገባት ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ በሰው ፊት መክሰስ ነውና።

በተቃራኒው በኩል የሚሳሳቱም አሉ። «ስላስቸገርኩዎት በጣም ይቅርታ፣ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ» እያሉ አምስት መስመር የሚጽፉ ተማሪዎች ጨዋ ናቸው፤ ግን ጥያቄው ከይቅርታው ሥር ተቀብሮ ይቀራል፤ መምህሩም አንብበው ሲጨርሱ ከመመለስ በፊት ማጽናናት ያለባቸው ይመስላቸዋል። ሰላምታው አንድ መስመር ይሁን፤ ይቅርታ የሚያስፈልገው ያጠፉት ነገር ካለ ነው።

ለወላጆችም አንድ ነገር እናንሳ። ልጁ ሁለተኛውን መልእክት ሳይጽፍ አባት ወይም እናት ለመምህሩ ቢደውሉ፣ ስልኩ ምንም በትሕትና ቢነገር እንደ አቤቱታ ይሰማል። ስልክ ጥሩ ነው፤ ተራው ግን ሦስተኛ ነው፤ የሚደውለውም ተማሪው ራሱ ቢሆን ይመረጣል። ከምሳሌያችን ብንነሳ፣ እስከ ረቡዕ ጥር 20 መልስ ከሌለ ተማሪዋ በሥራ ሰዓት ደውላ «ስለ ድጋፍ ደብዳቤው በኢሜይል ጽፌልዎት ነበር፤ ይመችዎት እንደሆነ ልጠይቅዎት ነው» ትላለች። ስልኩ ካልተነሳ ደጋግማ ሳትደውል በዚያው ቀን የሒሳብ መምህሯን ትጠይቃለች፤ ለእሳቸውም ሁለት ሳምንት ያህል ይተርፋቸዋል። ለፊዚክስ መምህሩም «ሌላ መምህር ስላገኘሁ አያስቡ፤ አመሰግናለሁ» ብላ ትጽፍላቸዋለች፤ አለበለዚያ ዘግይተው ኢሜይሉን ሲያዩ በከንቱ ይደክማሉ።

መምህሩ «እሺ፣ እጽፋለሁ» ብለው መልሰው ከዚያ በኋላ ዝም ቢሉስ? ይህ ቃል የተገባበት ስለሆነ አጻጻፉ ይቀላል። በዚያው ቀን ምስጋና ይላካል፤ ከዚያ እስከ ሰኞ የካቲት 2 ምንም አይላክም። የዚያን ዕለት ጠዋት ይህ ብቻ ይበቃል፤ «ጤና ይስጥልኝ መምህር። ደብዳቤውን ሐሙስ የካቲት 5 ስለምጠብቅ ለማስታወስ ያህል ነው። ከእኔ የሚፈልጉት ተጨማሪ መረጃ ካለ ዛሬውኑ እልክልዎታለሁ።»