ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ቢትኮይን ከኤክስቼንጅ ገዝተን እዚያው ስንተወው ቁልፉ በድርጅቱ እጅ ይቆያል። የይለፍ ቃል ብንረሳ መታወቂያ አሳይተን እንገባለን፤ ለጀማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን በኖቬምበር 2022 ኤፍቲኤክስ ገንዘብ ማውጣት ሲያግድ፣ አማና ያስቀመጡ የመሰላቸው ደንበኞች በኪሳራ ፍርድ ቤት ዕዳ ጠያቂ ሆነው ተሰለፉ።

በራሳችን ዋሌት ግን ቁልፉ የሚገኘው ከ12 ወይም ከ24 ቃላት ነው። ቃላቱ ጠፍተው ስልኩም ከተበላሸ የሚመልስልን የለም፤ ቃላቱን ያየ ሰውም ሁሉንም መውሰድ ይችላል። ስለዚህ በወረቀት እንጻፋቸው እንጂ ፎቶ አናንሳቸው። መጀመሪያ ትንሽ እንላክ፤ ከዚያ ዋሌቱን ከስልኩ አጥፍተን በቃላቱ እንመልሰው። ሂሳቡ ተመልሶ ከታየ ቀሪውን እንልካለን። የመላኪያ ክፍያው የገንዘቡን ብዙ ክፍል የሚበላ ከሆነ ግን፣ እስኪጠራቀም ኤክስቼንጁ ላይ ቢቆይ ይሻላል እንላለን።