የውኃ መፍላት በቂርቆስ፤ ነፃ ኀይልን ወደ ሚዛን ቁጥር ስለ መለወጥ

ውኃ በተከደነ ዕቃ ውስጥ ሲቀመጥ ከላዩ ጥቂት በጥቂት ይተናል፤ ከእንፋሎቱም ተመልሶ ውኃ የሚሆን አለ። የሚወጣውና የሚመለሰው እኩል በሆነ ጊዜ ሚዛን ቆመ ይባላል። በዚያን ጊዜ የእንፋሎቱ ግፊት በባር ተለክቶ የሚገኘው ቁጥር የሚዛን ቁጥር ነው፤ ምልክቱም K ነው። ይህ ቁጥር በመሣሪያ ሳይለካም ከመደበኛው የነፃ ኀይል ለውጥ፣ ከΔG°፣ በስሌት ይገኛል። ሕጉም ይህ ነው፤

ΔG° = −RT ln K

ስለዚህ

K = e^(−ΔG°/RT)

R ማለት ለአንድ ሞልና ለአንድ ኬልቪን 8.314 ጁል ነው። T ደግሞ በሴልሺየስ በተነበበው ሙቀት ላይ 273.15 ተጨምሮ የሚገኘው የኬልቪን ቁጥር ነው።

በ25 ዲግሪ ለውኃ መትነን ΔG° 8.56 ኪሎ ጁል ነው። R በጁል ስለ ሆነ ይህም አስቀድሞ ወደ 8,560 ጁል ይለወጣል። RT 8.314 × 298.15፣ ማለት 2,479 ይሆናል። 8,560 ለ2,479 ሲካፈል 3.453 ይደርሳል፤ የመቀነስ ምልክቱ ተጠብቆ K 0.0316 ይወጣል። በመሣሪያ የተለካው የእንፋሎት ግፊትም 0.0317 ባር ነውና ስሌቱ እውነተኛ ነው። ΔG° ከዜሮ በላይ መሆኑ ውኃ አይተንም ማለት እንዳልሆነ ማስተዋል ይገባል፤ K ከ1 ያነሰ ነው ማለት ብቻ ነው። የታጠበ ልብስም የሚደርቀው ነፋስ እንፋሎቱን እየወሰደ ሚዛኑ እንዳይቆም ስለሚከለክል ነው።

አሁን ወደ ቂርቆስ እንመለከታለን። ይህ የአዲስ አበባ ሰፈር ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ የአየሩ ግፊት 0.76 ባር ያህል ነው። ውኃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከአየሩ ግፊት ጋራ ሲተካከል ነውና በዚያ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እንግዲህ በ92 ዲግሪ K ወደ 0.76 መድረስ አለበት።

አንድ ተማሪ የ25 ዲግሪውን 8,560 ይዞ T ብቻ ወደ 365.15 ቢለውጥ፣ RT 3,036 ይሆንና K 0.06 ይወጣል። በዚህ ስሌት የቂርቆስ ውኃ በ92 ዲግሪ ለመፍላት ገና ሩቅ ነው፤ ድስቱ ግን ይመሰክርበታል። ስሕተቱ ΔG° ራሱ ከሙቀት ጋራ የሚለወጥ መሆኑን መርሳቱ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ

ΔG° = ΔH° − TΔS°

ይሠራል። ΔH° ለመትነን የሚያስፈልገው ሙቀት፣ 44,010 ጁል ነው፤ ΔS° የኤንትሮፒ ለውጥ ሲሆን ለአንድ ኬልቪን 118.9 ጁል ነው። 365.15 × 118.9 43,416 ይሆናል፤ ከ44,010 ሲቀነስ 594 ጁል ይቀራል። ይህም ለ3,036 ተካፍሎ K 0.82 ይሰጣል።

ከ0.76 ጋራ የቀረው ልዩነት የመጣው ΔH° እና ΔS° በ25 ዲግሪ እንደ ነበሩ ስለ ተወሰዱ ነው፤ በ92 ዲግሪ ለመትነን የሚያስፈልገው ሙቀት ወደ 41,000 ጁል ዝቅ ይላል። የ250 ጁል ስሕተት እንኳ K ን ከመቶ ስምንት ያህል ያዛባልና፣ አኃዞቹን እስከ ስሌቱ መጨረሻ ሳያሳጥሩ መያዝ ያስፈልጋል።