ለአንባቢዎ የማይሆን ስፖንሰር ሲመጣ

በዓረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ለሚኖሩ እህቶች የምትጽፍ አንዲት ሴት እናስብ። ስለ ሥራ ውል፣ ገንዘብ በባንክ ስለ መላክ፣ ስለ ቁጠባ ትጽፋለች። አንድ ቀን ከአንድ የማስታወቂያ ድርጅት መልእክት ይደርሳታል። አዲስ አበባ ውስጥ በግንባታ ላይ ያሉ አፓርታማዎችን የሚያስተዋውቅ ጽሑፍ በስሟ ብታወጣ 30,000 ብር ይከፈላታል። ጽሑፉ ተጽፎ አልቋል። ከእሷ የሚፈለገው ስሟና የአንባቢዎቿ እምነት ነው።

መልስ ከመጻፏ በፊት የአፓርታማውን ዋጋ በአንባቢዋ ኪስ ትለካው። ቤቱ 9 ሚሊዮን ብር ነው፤ ቅድመ ክፍያው 20 በመቶ፣ ማለትም 1.8 ሚሊዮን። ቀሪው 7.2 ሚሊዮን በ3 ዓመት የሚከፈል ከሆነ በወር 200,000 ብር ይደርሳል። በወር 1,000 ሪያል የምታገኝ እህት ለራሷ አንድ ሳንቲም ሳታስቀር ብትልክ እንኳ ሩቡን አትሞላም። ክፍያው መሐል ላይ ሲቋረጥ ውል ሊፈርስ፣ ከተከፈለውም ቅጣት ሊቀነስ ይችላል። ቤቱ ጥሩ ቤት፣ ገንቢውም ታማኝ ሊሆን ይችላል፤ ለእነዚህ አንባቢዎች ግን አይሆንም። «ማስታወቂያ» የሚል ምልክት ከላዩ ማድረግም ይህን አይለውጠውም። ምልክቱ ገንዘብ መከፈሉን ይናገራል እንጂ ክፍያውን አያቀልም።

እንግዲህ እምቢ ማለት አለባት። ብዙዎቻችን የምንሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ሰው ላለማስቀየም «እናስብበታለን»፣ «ለጊዜው ትንሽ ተጣብቦብኛል» እንላለን። ፊት ለፊት ሲነገር ከድምፁና ከፊቱ ትርጉሙ ይገባል፤ በጽሑፍ ግን ለማስታወቂያ ሠራተኛው ተስፋ ነው። ስሟን «መልስ የሚጠበቅባቸው» ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ይተዋል፣ በሳምንቱም ተመልሶ ይጽፋል። «ዋጋው አነሰኝ» ብትል ደግሞ ድርድር ተከፈተ ማለት ነው፤ 30,000 የነበረው 45,000 ሲሆን ምን ልትመልስ ነው?

እኔ ብሆን በማግሥቱ ይህን ያህል ብቻ እጽፍ ነበር፦

«ጤና ይስጥልኝ። ስለ አፓርታማዎቹ የጻፉልኝን መልእክትና የላኩትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ፤ ስላሰቡኝ አመሰግናለሁ። ጽሑፉን ግን አላወጣውም። አንባቢዎቼ በአብዛኛው በዓረብ አገር በቤት ሠራተኝነት የሚተዳደሩ ሲሆኑ፣ የተጠቀሰው ቅድመ ክፍያና ወርሃዊ ክፍያ ከገቢያቸው ጋር አይመጣጠንም። ውሳኔዬ ካቀረቡት ዋጋ መጠን ጋር የተያያዘ አይደለም። መልካም ሥራ እመኝልዎታለሁ።»

እምቢታው ከምስጋናው ቀጥሎ፣ ያለ «ይመስለኛል»፣ ያለ «ምናልባት» ይመጣል። ላኪው ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ባያነብ እንኳ መልሱን ያገኘዋል። ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ስለ አንባቢ ነው። ሦስት ምክንያት ብትደረድር ላኪው ደካማውን መርጦ ይሞግታታል፤ ጊዜ የለኝም ካለች ጊዜ ይሰጣታል፣ ጽሑፉ ረዘመ ካለች ያሳጥረዋል። የአንባቢዋን ገቢ ግን ሊለውጥ አይችልም። ደብዳቤው ስለ ቤቱ ጥራትም ሆነ ስለ ድርጅቱ አንድም ቃል የለበትም፤ ያልመረመረችውን መንቀፍ ለላኪውም ለራሷም ፍትሐዊ አይደለም።

«ወደ ፊት አብረን እንሠራለን» የሚለውን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። በእርግጥ የምትፈልገው ነገር ካለ፣ ለምሳሌ በዝቅተኛ ክፍያ የሚጀመር የቁጠባ ሂሳብ፣ ያንኑ በስሙ ጠርታ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብትጨምር ጥሩ ነው፤ ላኪው ሌላ ደንበኛ ሊኖረው ይችላል። ከሌለ ግን ለጨዋነት ብቻ የተጣለ ቃል ነገ ሌላ የማይሆን ጽሑፍ ይዞ ይመጣል። «እገሊትን ሞክር» ብሎ የሌላ ጸሐፊ አድራሻ መስጠትም እሷን ሳይጠይቁ አይደረግም።

አንዳንዱ ላኪ እንዲህም ተጽፎለት ዋጋ ጨምሮ ይመለሳል። ያን ጊዜ ምክንያቱን እንደገና መዘርዘር አያስፈልግም፤ አዲስ ማብራሪያ አዲስ ክርክር ይጠራል። «ስለ ጭማሪው አመሰግናለሁ፤ ውሳኔዬ እንደ ቀድሞው ነው» ይበቃል። ለሦስተኛው መልእክት መልስ ባትሰጥ ማንም ነውር አይላትም።